ባለ ክፍያ፣ በከፊል የሚከፈልና ያለ ክፍያ ፈቃድ፦ ልዩነታቸውና የማመልከቻቸው አጻጻፍ

ፒያሳ፣ አራት ኪሎ ወይም ሜክሲኮ ካሉት የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤቶች አንዱ ገብተው «የፈቃድ ማመልከቻ ጻፉልኝ» ቢሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጥዎት አንድ የተለመደ ወረቀት ነው፦ «ባጋጠመኝ ችግር ምክንያት ፈቃድ እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።» ጨዋ ነው፤ ስሕተት የለበትም ይመስላል። ነገር ግን የፈቃዱ ዓይነት የለውም። ዓይነቱ ካልተጻፈ ደመወዝ የሚያዘጋጀው ሠራተኛ ያሻውን ይመዘግባል፤ ወይ ከዓመት ዕረፍትዎ ይቀንሰዋል፣ ወይ ያለ ክፍያ ያደርገዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ከይሉኝታ የሚመጣው «ያለ ደመወዝም ቢሆን» የሚለው ሐረግ ነው። የሚከፈልበት ፈቃድ እያለዎት ይህን ከጻፉ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የእርስዎ ፊርማ ነው፤ በኋላ ለመከራከር በጣም ይከብዳል።

ይህ መመሪያ የሚመለከተው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደሩ የግል ድርጅትና መሰል ተቋማት ሠራተኞችን ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ የሥራ መሪዎችም በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም። የድርጅትዎ ኅብረት ስምምነት ወይም የውስጥ ደንብ ከዚህ የተሻለ ሊሰጥዎት ይችላል፤ ያነሰ ግን ሊሰጥዎት አይችልም።

ሦስቱ በአጭሩ

ሙሉ ደመወዝ ከሚከፈልባቸው ፈቃዶች ዋናው የዓመት ዕረፍት ነው፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን ይጨመርበታል። የወሊድ ፈቃድ (ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን)፣ የአባትነት ፈቃድ (3 ተከታታይ ቀን)፣ የጋብቻና የቅርብ ዘመድ ሐዘን ፈቃድ (3 የሥራ ቀን) በዚሁ ወገን ናቸው።

ያለ ክፍያ የሚሰጥ ፈቃድ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው መብት ነው፦ ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ሲያጋጥም እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ በአንድ በጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ ሳይበልጥ። ሁለተኛው ስምምነት ነው፦ ከዚያ የረዘመውን የሚጠይቁት እርስዎ፣ የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው አሠሪው ነው። ከተፈቀደ የሥራ ውሉ አይቋረጥም፤ ደመወዙ ብቻ ይቆማል።

በከፊል የሚከፈለው ግን በአዋጁ ውስጥ በሕመም ፈቃድ ላይ የሚገኝ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ሊደርስ ይችላል። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ስለዚህ ሦስቱንም የክፍያ ዓይነት በአንድ ጊዜ ለማየት የሕመም ፈቃድን የመሰለ የለም፤ ከዚህ በታች አንድ ጉዳይ ይዘን ከመጀመሪያው ቀን እስከ መመለሻው እንከታተለዋለን።

የምንከታተለው ጉዳይ

ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ የሒሳብ ሠራተኛ አለች እንበል። ደመወዟ 18,000 ብር፣ አገልግሎቷ 5 ዓመት የሞላ ነው፤ ስለዚህ የዓመት ዕረፍቷ 18 የሥራ ቀን ይሆናል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ትሠራለች። እሑድ ጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ከምትኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ተንሸራታ እግሯ ተሰበረ። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ቢሆን ኖሮ የሚታየው በሌላ የአዋጁ ክፍል ነበር፤ ይህ ግን ተራ የሕመም ፈቃድ ነው። የሙከራ ጊዜዋን ከጨረሰች ቆይታለች፤ ይህ የግድ መታየት አለበት፣ ምክንያቱም የሕመም ፈቃድ መብት የሚጀምረው ከሙከራ ጊዜ በኋላ ነው።

ሐኪሙ መጀመሪያ የ45 ቀን ዕረፍት ጻፈላት፦ ከጥቅምት 3 እስከ ኅዳር 17። ስትመለስ ደግሞ የ60 ቀን ጨመረላት፦ ከኅዳር 18 እስከ ጥር 17። በድምሩ 105 ቀን። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ የክፍያው መጠን የሚከተለው የሐኪሙን ወረቀት አይደለም፣ ከመጀመሪያው የሕመም ቀን የሚነሳውን ቆጠራ ነው። የመጀመሪያው 45 ቀን ወረቀት ሙሉውን በሙሉ ደመወዝ አያስከፍልም። 105ቱ ቀን እንዲህ ይከፈላል፦

ከጥቅምት 3 እስከ ኅዳር 2፣ 30 ቀን፣ ሙሉ ደመወዝ።
ከኅዳር 3 እስከ ጥር 2፣ 60 ቀን፣ ግማሽ ደመወዝ።
ከጥር 3 እስከ ጥር 17፣ 15 ቀን፣ ያለ ክፍያ።

የሕመም ፈቃድ በወር ስለሚቆጠር ቅዳሜና እሑዱ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን የዋለው ገናም ሳይቀር ውስጡ ይቆጠራል።

ደረጃ 1፦ በማግሥቱ ማሳወቅ፣ ወዲያው መጻፍ

ሕጉ የሚለው ከሥራ በቀረችበት ቀን ማግሥት ለአሠሪው እንድታሳውቅ ነው፤ ሰኞ ጥቅምት 3 ከቀረች እስከ ማክሰኞ ጥቅምት 4 ማለት ነው። ስልክ መደወል ጥሩ ነው፤ ግን ስልክ ማስረጃ አይተውም። ቢያንስ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይላኩ፣ ከዚያም ማመልከቻውንና የሕክምና ማስረጃውን (በተለምዶ ሲክ ሊቭ የምንለውን) በቤተሰብ በኩል ያስገቡ።

የሕክምና ማስረጃው በሕግ ከታወቀ የሕክምና ተቋም መሆን አለበት። ከጤና ተቋሙ ሳይወጡ አራት ነገር ይመልከቱ፦ ሙሉ ስምዎ እንደ መታወቂያዎ መጻፉን፣ የዕረፍቱ ቀን ብዛት በአኃዝ ብቻ ሳይሆን ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ መገለጹን፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ መኖሩን፣ የተቋሙ ማኅተም በግልጽ መታየቱን። «45 ቀን ዕረፍት» ብቻ ተብሎ መነሻው ካልተጻፈ፣ የሰው ኃይል ክፍሉ ወረቀቱ ከተጻፈበት ቀን ይቆጥርና የቀረውን ቀን እንደ መቅረት ሊያየው ይችላል።

የመጀመሪያው ደብዳቤ እንዲህ ይጻፋል፦

> ቀን፦ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.
> ለ፦ (የድርጅቱ ስም) የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል
> አዲስ አበባ
>
> ጉዳዩ፦ የሕመም ፈቃድን ስለማሳወቅ
>
> በሒሳብ ክፍል ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት የምሠራ ስሆን፣ ባጋጠመኝ ሕመም ምክንያት ከጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ገበታዬ ላይ መገኘት አልቻልኩም። ሐኪም ከጥቅምት 3 እስከ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ለ45 ቀን ዕረፍት እንዳደርግ አዞልኛል፤ የሕክምና ማስረጃውን 1 ገጽ አያይዣለሁ።
>
> ስለዚህ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 እና 86 መሠረት የሕመም ፈቃዴ እንዲመዘገብልኝ፣ ክፍያውም ከጥቅምት 3 እስከ ኅዳር 2 በሙሉ ደመወዝ፣ ከኅዳር 3 ጀምሮ በግማሽ ደመወዝ እንዲፈጸምልኝ አመለክታለሁ።
>
> ከሠላምታ ጋር
> (ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ)
>
> ግልባጭ፦ ለሒሳብ ክፍል ኃላፊ

ርእሱ «ስለመጠየቅ» ሳይሆን «ስለማሳወቅ» የተባለው በአጋጣሚ አይደለም። ማስረጃ የቀረበበት የሕመም ፈቃድ አሠሪው ደስ ሲለው የሚሰጠው ስጦታ አይደለም፤ ስለዚህ ቃሉ መብቱን የሚመጥን ይሁን። የሕመሙን ዝርዝር በደብዳቤው ውስጥ መተረክ አያስፈልግም፤ ማስረጃው ይበቃል።

ሁለት ቅጂ ያትሙ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ይስጡ፣ በሁለተኛው ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን አስመትተው ይያዙ። ይህች ሁለተኛ ቅጂ ክርክር በተነሣ ቀን ዋናዋ ወረቀት እሷ ናት። መዝገብ ቤት የሌለው ትንሽ ድርጅት ከሆነ የተቀባዩን ስም፣ ፊርማና ቀን በቅጂዎ ላይ ያስጽፉ።

ደረጃ 2፦ ግማሽ ክፍያው ውስጥ ሲቀጥሉ

ሁለተኛው የሐኪም ወረቀት ከኅዳር 18 ይጀምራል። ማመልከቻው የመጀመሪያው ከማለቁ በፊት ወይም በዕለቱ፣ ማለትም እስከ ኅዳር 17 ድረስ ይግባ። በሁለቱ ወረቀቶች መካከል አንድ ቀን እንኳ ክፍት ከቀረ፣ ያ ቀን ያለ ፈቃድ መቅረት ተብሎ ሊያዝ ይችላል።

> ጉዳዩ፦ የሕመም ፈቃድ መቀጠሉን ስለማሳወቅ
>
> በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በገቢ ቁጥር (…) ባስገባሁት ማመልከቻ ከጥቅምት 3 እስከ ኅዳር 17 ድረስ በሕመም ፈቃድ ላይ መሆኔ ይታወቃል። ሐኪም ከኅዳር 18 ቀን 2018 እስከ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ተጨማሪ የ60 ቀን ዕረፍት ስላዘዘልኝ፣ ማስረጃውን አያይዤ አቅርቤአለሁ።
>
> ከኅዳር 3 እስከ ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ያለው ጊዜ በአዋጁ አንቀጽ 86 መሠረት በግማሽ ደመወዝ የሚታሰብ በመሆኑ፣ ክፍያው በዚሁ አግባብ እንዲፈጸምልኝ አመለክታለሁ።

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ «ድርጅቱ በሚችለው መጠን እንዲከፍለኝ» የሚል ቃል እንዳይገባ። ግማሹ በሕግ የተቆረጠ መጠን ነው፤ ለድርድር የቀረበ ነገር አያስመስሉት። አንድ ነገር ግን ይወቁ፦ ግማሹ የሚሰላው ከደመወዙ ነው። የትራንስፖርት፣ የትርፍ ሰዓትና መሰል ክፍያዎች በአዋጁ ትርጓሜ ደመወዝ ስላልሆኑ፣ በሕመም ጊዜ መቀጠል አለመቀጠላቸው የሚወሰነው በውልዎ ወይም በኅብረት ስምምነቱ ነው።

የኅዳር ደመወዝ ሲመጣ ሒሳቡን ራስዎ ያረጋግጡ። 18,000 ለ30 ሲካፈል በቀን 600 ብር ነው። ኅዳር 1 እና 2 ሙሉ ናቸው፣ 1,200 ብር። ከኅዳር 3 እስከ 30 ያሉት 28 ቀናት በ300 ብር፣ 8,400 ብር። ድምር 9,600 ብር፣ ታክስና ጡረታ ከመቀነሳቸው በፊት። ባንክ የገባው በ9,000 ብር ላይ የተሰላ ከሆነ ደመወዝ አዘጋጁ ወሩን ከኅዳር 1 ጀምሮ ግማሽ አድርጎታል ማለት ነው፤ ከሚደጋገሙት ስሕተቶች አንዱ ይህ ነው። ታኅሣሥ ሙሉ ወሩ ግማሽ ስለሆነ 9,000 ብር ይመጣል።

ደረጃ 3፦ ያለ ክፍያ የሆኑትን ቀናት መቀነስ

ከጥር 3 ጀምሮ ያሉት 15 ቀናት ምንም አይከፈልባቸውም። ጥር 1 እና 2 በግማሽ 600 ብር፣ ከጥር 18 ሥራ ስትገባ ያሉት 13 ቀናት 7,800 ብር፤ የጥር ደመወዟ 8,400 ብር ብቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን ያልተነካ 18 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት አላት። ጥር 3 እሑድ ነው። ከሰኞ ጥር 4 እስከ ዓርብ ጥር 8 ድረስ 5 የሥራ ቀን አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ የዓመት ዕረፍት በሥራ ቀን ስለሚቆጠር በዓሉ አይቆጠርባትም፣ ስለዚህ ከጥር 12 እስከ 15 ያሉት 4 ቀናት ብቻ ይቆጠራሉ። ጥር 16 እና 17 ቅዳሜና እሑድ ናቸው። ማለትም 15 ክፍያ አልባ ቀናትን በ9 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት ትሸፍናቸዋለች። ደመወዟ ወርኃዊ ስለሆነና የዕረፍት ቀኖቹም ስለሚከፈሉ፣ የጥር ደመወዟ ከ8,400 ወደ 17,400 ብር ይወጣል። ቅዳሜም ግማሽ ቀን ወይም ሙሉ ቀን የሚሠራበት ድርጅት ከሆነ ቆጠራው ይጨምራል፤ የራስዎን የሥራ ሳምንት ይዘው ይቁጠሩ።

የዓመት ዕረፍት የሚወጣበትን ጊዜ ብቻዎን አይወስኑም፤ የሚወሰነው የሥራውን ሁኔታና የሠራተኛውን ፍላጎት ባገናዘበ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ እዚህ ቃሉ ይለወጣል፦ «አሳውቃለሁ» ሳይሆን «እጠይቃለሁ»። አሠሪው እምቢ ቢል ደግሞ ቀኖቹ ባዶ እንዳይቀሩ ሁለተኛውን አማራጭ በዚያው ደብዳቤ ያስቀምጡ። ታኅሣሥ 20 አካባቢ ቢገባ ለመልስ በቂ ጊዜ ይኖራል።

> ጉዳዩ፦ የዓመት ዕረፍት ፈቃድ ስለመጠየቅ
>
> በሐኪም ትእዛዝ እስከ ጥር 17 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ በሕመም ፈቃድ ላይ ነኝ። ግማሽ ደመወዝ የሚከፈልበት ጊዜ ጥር 2 ስለሚያበቃ፣ ከጥር 4 እስከ ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ያሉት 9 የሥራ ቀናት (ጥር 11 የበዓል ቀን በመሆኑ ሳይቆጠር) ካለኝ 18 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት ላይ ታስበው ከሙሉ ደመወዝ ጋር እንዲፈቀዱልኝ እጠይቃለሁ።
>
> ይህ የማይቻል ከሆነ፣ ቀናቱ በአዋጁ አንቀጽ 86 መሠረት ያለ ክፍያ በሕመም ፈቃዴ እንዲያዙልኝ አሳውቃለሁ። ሰኞ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ሥራ እገባለሁ።

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር በማንኛውም የፈቃድ ማመልከቻ ላይ አይተዉ። «እስከ ጥር 17» ሲባል 17ኛው ቀን ውስጥ ነው ወይስ ውጭ የሚል ክርክር በየመሥሪያ ቤቱ አለ፤ የመመለሻው ቀን ሲጻፍ ክርክሩ ይዘጋል። ድርጅቱ ደመወዝ የሚያዘጋጀው በፈረንጆች አቆጣጠር ከሆነ ቀኖቹን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ።

ከተመለሱ በኋላ የሚያደናግረው

የ12 ወሩ ቆጠራ የተነሣው ጥቅምት 3 ቀን 2018 ነው፣ የሚዘጋውም ጥቅምት 2 ቀን 2019 ነው። ይህች ሠራተኛ ግንቦት ላይ ጉንፋን ይዟት ሐኪም 4 ቀን ዕረፍት ቢጽፍላት፣ ሕመሙ ሌላ ቢሆንም ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበትን ወርም ግማሹንም በዚያ 12 ወር ውስጥ ጨርሳለች፤ 4ቱ ቀናት ያለ ክፍያ ይያዛሉ። ብዙ ሰው «አዲስ ሕመም ነው» ብሎ ሙሉ ክፍያ ይጠብቅና ደመወዙ ሲቀነስ ይደነግጣል። እዚያም ከቀራት 9 የዓመት ዕረፍት ቀን መጠየቅ ይሻላታል።

ከሕመም ውጭ ያለ ክፍያ ሲጠይቁ

እስከ 5 ቀን ለሆነው፣ ለልዩና አሳሳቢ ሁኔታ የሚሰጠው፣ ደብዳቤው ሁኔታውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይንገር፣ በበጀት ዓመቱ ስንተኛ ጊዜ እንደሆነም ይግለጽ፦

> ቤታችን ላይ በደረሰው የእሳት አደጋ ምክንያት በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 81 መሠረት ከ(ቀን) እስከ (ቀን) ድረስ የ5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ እንዲያዝልኝ አመለክታለሁ። በዚህ በጀት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ማስረጃ ሲጠየቅ አቀርባለሁ።

«ተከታታይ» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉ፤ በመካከል ያለ እሑድም ይቆጠራል።

ለአንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የሚጽፉት ልመናም አይደለም፣ መብትም አይደለም፤ የስምምነት ጥያቄ ነው። ሥራው በማን እንደሚሸፈን ይጻፉ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይጠይቁ፦

> እናቴን በማስታመም ምክንያት ከ(ቀን) እስከ (ቀን) ድረስ ለ30 ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ እንዲሰጠኝ፣ በዚህ ጊዜ የሥራ ውሌ ሳይቋረጥ ታግዶ እንዲቆይ እና ስመለስ በያዝኩት የሥራ መደብ ላይ እንድቀጥል ስምምነታችሁን በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ። በሌለሁበት የወር መዝጊያ ሒሳቡን (የባልደረባ ስም) ለመሸፈን ተስማምቷል።

የተፈረመበት መልስ እጅዎ ሳይገባ አይውጡ። የቅርብ አለቃ በቃል «ችግር የለም፣ ሂድ» ቢልም፣ ሰው ይቀየራል፣ ቃል ይረሳል። በሕጉ ከተዘረዘሩት ፈቃዶች በአንዱ የማይሸፈን መቅረት፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን ከደረሰ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ የሥራ ውልን ለማቋረጥ ምክንያት ይሆናል።

በክፍያው ላይ ካልተስማሙ ገቢ የተደረገበትን ቅጂ፣ የሐኪም ማስረጃውንና የደመወዝ መግለጫውን ይዘው መጀመሪያ ለድርጅቱ በጽሑፍ ያመልክቱ፣ ከዚያ ድርጅቱ በሚገኝበት ክፍለ ከተማ ያለውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ። ያልተከፈለ ደመወዝ በፍርድ ቤት የሚጠየቀው ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው፤ ንግግሩ እየተጓተተ ይህ ጊዜ እንዳያልፍብዎት ቀኑን ከመጀመሪያው ማስታወሻዎ ላይ ይጻፉት።